ማሽኗ ውሃ አልሞላ ስትል፦ የተደፈነ ወንፊትና ጎማ እንዴት ይጸዳል?

ቅዳሜ ጠዋት ነው። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን በራችንን አንኳኩ። «ልጄ፣ ማሽኗ ተቃጠለች መሰለኝ። የሆነ ፊደል ጽፋ ትጮሃለች» አሉኝ። ወርጄ አየኋት። ሰባት ኪሎ የምታጥብ፣ ከፊት የምትከፈት ማሽን ናት። ሰሌዳዋ ላይ IE ብላ ቆማለች። አንሶላዎቹ ሆዷ ውስጥ ተጠቅልለዋል። ላይ ላያቸውን ረጠብ ብለዋል እንጂ አልራሱም።

አንድ ቀን ቀደም ብሎ አንድ ጠጋኝ መጥቶ ነበር። «ቦርዷ ነው» ብሎ፣ ዋጋውን ነግሯቸው ሄዷል። ዋጋውን ሲሰሙ ነው እኔ ጋ የመጡት።

«እማማ፣ ውሃ መቼ ነው የመጣው?» አልኳቸው።

«ረቡዕ ሌሊት፣ ስድስት ቀን ጠፍቶ። ሐሙስ ጠዋት የተጠራቀመውን ላጥብ ብዬ ስከፍታት ነው እንዲህ የሆነችው።»

ነገሩ ግማሽ በግማሽ እዚህ ላይ አለቀ። ውሃ ብዙ ቀን ጠፍቶ ሲመለስ ባዶውን የከረመውን ቱቦ እየጠረገ ነው የሚመጣው። የብረቱ ዝገት፣ አሸዋው፣ ከስር የተኛው ጭቃ ሁሉ አብሮ ይነሳል። የመጀመሪያው ባልዲ ሻይ መስሎ ሲወርድ ሁላችንም አይተናል። እኛ ድፍርሱን አይተን እንደፋለን። ማሽን ግን አይን የላትም። የመጣላትን ትስባለች፣ ቆሻሻውም ጀርባዋ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ወንፊት ላይ ይከማቻል።

ወንፊቷ የት ናት? ለምንስ ተቀመጠች?

ውሃ የሚያስገባው ጎማ ማሽኑ ጀርባ ላይ፣ ወደ ላይኛው ጥግ ገደማ ይታሰራል። ጎማውን ስትፈቱት አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ታያላችሁ። ውስጡ የፕላስቲክ ወንፊት አለ፤ ከሳንቲም ብዙም አይበልጥም። ከወንፊቱ ጀርባ በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ አለ። ቫልቩ ውስጥ ደግሞ ስስ ላስቲክ ተዘርግቷል፤ ላስቲኩ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ቀዳዳ አለች። ቫልቩን የሚዘጋው በዚያች ቀዳዳ ሾልኮ ላስቲኩን ከላይ የሚጫነው የውሃ ግፊት ነው።

ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ወንፊቷ ስትደፈን አውጥተው የሚጥሏት ሰዎች አሉ፤ ጠጋኞችም ጭምር። ማሽኗ ወዲያው ቀጥ ብላ ትሠራለች፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ከዚያ አንድ ቀን የአሸዋ ቅንጣት ገብታ ያችን የመርፌ ቀዳዳ ትዘጋለች፣ ወይም ላስቲኩ የሚያርፍበት ከንፈር ላይ ትቀረቀራለች። ያኔ ቫልቩ መዘጋት ያቅተዋል። ማሽኗ ጠፍታም፣ ስፒናዋ ተነቅሎም ውሃ ወደ ሆዷ ይንጠባጠባል። ሌሊት ውሃ ሲመጣ ቤቱ ሊጥለቀለቅ ይችላል። ስለዚህ ወንፊቷ ትጸዳለች፣ ትመለሳለች። ከተቀደደች ትተካለች።

መጀመሪያ፣ ስህተቱ የመሙላት ነው ወይስ የማፍሰስ?

ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ፊደል እንደ ማሽኑ ይለያያል። ኤልጂ ውሃ አልሞላልኝም ሲል IE ይላል። ሳምሰንግ 4C ወይም በቆየው ሞዴል 4E ያሳያል። ቦሽ ላይ E17 ወይም F17 ታያላችሁ። የእናንተ ማሽን ከእነዚህ ውጭ ከሆነ አብሮ የመጣውን ደብተር አንብቡ፤ መጨረሻዎቹ ገጾች ላይ የፊደሎቹ ሰንጠረዥ ይኖራል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ስህተት ሲያይ ከፊት ለፊት ታች ያለችውን ትንሽ በር ከፍቶ እዚያ ያለውን ማጣሪያ ያጥባል። ያኛው የቆሸሸው ውሃ የሚወጣበት ነው። ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ የልብስ ቃጫ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ማሽኗ አላፈስ ስትል ይጠቅማል፤ ኤልጂ ላይ OE፣ ሳምሰንግ ላይ 5C ወይም 5E ሲል ማለት ነው። ለመሙላት ችግር ግን ምንም አይፈይድም።

አንድ የሚያሳስት ነገርም አለ። ማሽኗ ውሃ እየገባላት «አልሞላም» ልትል ትችላለች። የማፍሰሻው ጎማ ጫፍ መሬት ላይ ከተጣለ፣ የገባው ውሃ በዚያው በኩል እየተሳበ ይወጣል። በማሽኑ ሆድ ውስጥ ያለ ውሃ ከጎማው ጫፍ ከፍ ካለ ፓምፕ ሳያስፈልገው መፍሰሱ አይቀርም። ማሽኗ ገና እየሞላች ሳለ ማፍሰሻው በኩል ውሃ ሲንኮለኮል ከሰማችሁ፣ ያንን ጎማ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ከወለሉ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት። ወንፊት መንካት አያስፈልጋችሁም።

ስህተት ሳታሳይ ቀስ ብላ ብቻ የምትሞላም አለች። ጤናማ ማሽን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚበቃትን ቀድታ መዞር ትጀምራለች። ቆማ ውሃው ሽርርር እያለ አሥር ደቂቃ ከሄደ፣ ስህተቱ የሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል ብላችሁ ጠብቁ።

ባልዲና ሰዓት

ከመፍታታችሁ በፊት ለኩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን ጥፋቱ ቧንቧው ጋ ነው፣ ጎማው ጋ ነው ወይስ ወንፊቱ ጋ የሚለውን ይለይላችኋል።

አንድ ባልዲ ውሰዱ። በ1 ሊትር የውሃ ጠርሙስ አምስት ጊዜ ገልብጡበትና ውሃው የደረሰበት ላይ በእስክሪብቶ መስመር አድርጉ። አሁን 5 ሊትር የሚለካ ባልዲ አላችሁ። ባዶ አድርጉት።

ቧንቧውን ዝጉ። ጎማውን ከቧንቧው በኩል ፍቱት። ባልዲውን ከስር አድርጉና የስልካችሁን ሰዓት አስነስታችሁ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። መስመሩ ላይ ለመድረስ ስንት ሰከንድ ፈጀ? 40 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ቧንቧው ደህና ነው። በደቂቃ ስምንት ሊትር ያህል ማለት ነው፤ ለማሽን ይበቃል። አንድ ደቂቃ ተኩል ከፈጀ ችግሩ ከማሽኑ በፊት ነው። ቧንቧው ራሱ ውስጡ ተደፍኗል፣ ወይም የውሃው ግፊት አንሷል። የግፊቱን ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ ጎማውን ቧንቧው ላይ መልሳችሁ እሰሩት፣ በማሽኑ በኩል ያለውን ጫፍ ፍቱት። እንዴት እንደሚፈታ ከታች አለ። ጫፉን ማሽኑ ላይ በሚታሰርበት ከፍታ ላይ ይዛችሁ ወደ ባልዲው ልቀቁና እንደገና ለኩ። ጎማውን አጥብቃችሁ ያዙት፤ ሲለቀቅ ይወናጨፋል። ሰዓቱ ከመጀመሪያው ብዙም ካልራቀ ጎማው ንጹሕ ነው፣ የቀረው ወንፊቱ ነው። እጥፍ ከሆነ ጎማው ውስጥ የሆነ ነገር አለ።

የጎረቤታችን ቤት ቧንቧው በ33 ሰከንድ ሞላ። በጣም ደህና። ጎማው ጫፍ ላይ ግን አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ወሰደ። ወንፊቱን ገና ሳናየው ከውሃው ከግማሽ በላይ የሚሆነው መንገድ ላይ ቀርቷል።

አፈታት

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ቤት ውስጥ አለ። ሳፋ፣ መወልወያ ጨርቅ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ አፏ ቀጠን ያለ ፒንሳ፣ አቼቶ፣ ሶፍት። የስልክ መብራትም ይረዳል።

ቧንቧውን ዝጉ። ቧንቧ ቢዘጋም ጎማው ውስጥ የታፈነ ውሃ አለ፤ ዝም ብላችሁ ብትፈቱት ፊታችሁ ላይ ይረጫል። ቧንቧው እንደተዘጋ ማሽኗን በቀዝቃዛ ውሃ ፕሮግራም አስነስታችሁ ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ። ቫልቩ ሲከፈት ግፊቱ ይተነፍሳል። ከዚያ አጥፏትና ስፒናውን ከሶኬት ንቀሉ። በማጥፊያዋ ብቻ ማጥፋት አይበቃም። የምትሠሩት ውሃና መብራት ጎን ለጎን ባሉበት ቦታ ነው።

ማሽኗን ወደ ፊት ሳቡ። ከባድ ናት፤ ብቻችሁን አትታገሉ። ከላይ ከመግፋት ይልቅ ከታች ጥግና ጥጓን ይዛችሁ በየተራ አንቀሳቅሷት። ጀርባዋን ስታዩ አንዳንዴ መልሱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ግድግዳው ላይ ተጠግታ ጎማው ለሁለት ታጥፎ ታገኛላችሁ። እሱን ቀጥ ስታደርጉት ነገሩ ያልቃል።

ጨርቅና ሳፋ ከስር አድርጉ። የጎማው ማሰሪያ የፕላስቲክ ዳዶ ነው፤ ፊት ለፊት ስታዩት ወደ ግራ ይፈታል። በእጅ እምቢ ካለ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በፒንሳ ቀስ ብላችሁ አላሉት። ሲጀምርላችሁ በእጅ ጨርሱት። ማሽኑ ላይ ያለው ጥርስም ፕላስቲክ ነው፤ በጉልበት ብታጣምሙት ይላጣል። የተላጠ ጥርስ ማለት አዲስ ቫልቭ ማለት ነው።

ማሽናችሁ ሰማያዊና ቀይ ምልክት ያላቸው ሁለት መግቢያዎች ካሏት ሰማያዊው የቀዝቃዛ፣ ቀዩ የሙቅ ነው። ሁለቱም ከተገናኙ ሁለቱንም ማጽዳት አለባችሁ። በሙቅ ፕሮግራም ብቻ ስህተት የምታሳይ ማሽን ብዙውን ጊዜ የቀዩ ወንፊት የተደፈነባት ናት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በአንዳንድ ማሽኖች ጎማው ቧንቧው በኩል ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን አለው። ውሃ ሲያፈስ ራሱን የሚዘጋ ዓይነት ነው፤ ብዙዎቹ ውስጣቸው የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። ይህን ሳጥን ውሃ ውስጥ አትንከሩት። ቧንቧው በሚታሰርበት አፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት ብቻ አውጥታችሁ እጠቡ።

ወንፊቱን ማውጣትና ማጠብ

ጎማው ሲወጣ ቀዳዳውን በስልክ መብራት እዩ። የጎረቤታችን ወንፊት በጭራሽ አይታይም ነበር። የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ቡናማ ዝቃጭ ሸፍኖት፣ መሃሉ ላይ ብቻ ሁለት ሦስት ቀዳዳዎች ቀርተዋል። ማሽኗ ስትጠባ የነበረው በእነዚያ ነው።

አሁን መቸኮል የለም። ወንፊቱን ከመሳባችሁ በፊት ፊት ለፊቱ ያለውን ዝቃጭ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁን ጣታችሁ ላይ ጠቅልላችሁ ወደ ውጭ እየሳባችሁ። አለበለዚያ ወንፊቱ ሲወጣ ዝቃጩ ወደ ቫልቩ ውስጥ ይወድቃል፤ ልንከላከለው የፈለግነውን ነገር በገዛ እጃችን አስገባነው ማለት ነው።

ወንፊቱ መሃል ላይ ትንሽ ጉብ ያለች መያዣ አለች። በቀጭኑ ፒንሳ ያዟትና ቀጥታ ወደ ራሳችሁ ሳቡ። ካልወጣች በቀስታ ግራ ቀኝ ነቅነቅ አድርጓት። እምቢ ካለች በአቼቶ የራሰ ሶፍት ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጠቅ አድርጋችሁ ሩብ ሰዓት ተዉትና እንደገና ሞክሩ። በካቻቪቴ መሰርሰር፣ በቢላ መፈንቀል የለም። ወንፊቷ ስስ ናት፤ ትቀደዳለች። ወደ ውስጥም አትግፏት።

እኔ ያቺን ወንፊት ሳወጣ እማማ ከጎኔ ቆመው ነበር። «ይቺ ናት እንዴ ሰው ያስለቀሰችው?» አሉ። መዳፌ ላይ አስቀመጥኩላቸው። ከጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም።

አስተጣጠቧ እንዲህ ነው። ውሃ የሚገባበትን ፊቷን ወደ ታች አዙሩ፣ ቧንቧ ስር ከጀርባዋ በኩል ውሃ ልቀቁባት። ቆሻሻው በገባበት መንገድ ይወጣል። ቀሪውን በጥርስ ብሩሽ በክብ በክብ ፈትጉ። ቡናማና ለስላሳ ከሆነ ዝገትና ደለል ነው፤ በዚህ ብቻ ይለቃል።

ነጭና ጠጣር ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ የጠጣር ውሃ ኖራ ነው። ድሬዳዋ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ራሱ ነው። ብሩሽ አይነካውም። አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል በብርጭቆ ቀላቅላችሁ ወንፊቷን አስገቡ። መጀመሪያ ላይ አረፋ ትሠራለች፤ ኖራው እየሟሟ ነው ማለት ነው። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት አቆይታችሁ ብሩሹን መልሱበት። አቼቶ ከሌለ የሎሚ ጭማቂ ይሠራል፣ ትንሽ ይዘገያል እንጂ። በረኪናን ከአቼቶ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ሲያልቅ ወንፊቷን ወደ መስኮት አንሥታችሁ በብርሃን እዩ። ሁሉም ቀዳዳ ክፍት መሆን አለበት። የተቀደደ ቦታ ካለ ልኳን ይዛችሁ ሄዳችሁ ሌላ ግዙ። ወንፊቷ ውጭ ሳለች የቫልቩን አፍ በጨርቅ ጥረጉ፤ ውሃ ግን አትርጩበት፣ ጣትም ሆነ ብረት አታስገቡበት።

ጎማው

ጎማውን ከሁለቱም ጫፍ ፈታችሁ ወደ መታጠቢያ ቤት ውሰዱት። አንዳንድ ጎማ በቧንቧው በኩል የራሱ ትንሽ ወንፊት አለው፤ ካለ አውጡና በዚያው መንገድ እጠቡ። የላስቲክ ቀለበቷን፣ ጎሚኒዋን፣ አንድ ቦታ አስቀምጧት። እሷ ከጠፋች ነገ የሚንጠባጠብ ቤት ይኖራችኋል።

ጎማው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚታጠበው። ማሽኑ ጋ በሚታሰረው በታጠፈው ጫፍ ውሃ አስገቡ፣ በቧንቧው ጫፍ በኩል ይውጣ። ሳፋ ላይ አድርጉት፤ የሚወጣውን ማየት ጥሩ ነው። ከዚያ ግማሹን ውሃ ሞልታችሁ ሁለቱን ጫፍ በአውራ ጣት ደፍናችሁ ደህና አድርጋችሁ ናጡት። ወተት እንደሚናጥ። ድፉት። ጥርት ብሎ እስኪወጣ ሦስት አራት ጊዜ ድገሙ።

የእማማ ጎማ ሲናጥ መጀመሪያ ቡናማ ውሃ ወጣ። ሁለተኛው ላይ አሸዋ። ሦስተኛው ላይ አንድ ነገር ጫፉ ላይ ተሰካ፤ በፒንሳ ሳብኩት። የቧንቧ ሠራተኞች ጥርስ ላይ የሚጠመጥሙት ካናፓ ነው፤ ጣት የሚያህል ጉንጉን፣ ዝገት የተቆላበት። ቤቱ ሲታደስ የቀረ መሆን አለበት። ዓመታት ሙሉ በቱቦው ውስጥ ሲዞር ቆይቶ ያ ስድስት ቀን ጠፍቶ የመጣ ውሃ ጎማው መታጠፊያ ላይ አምጥቶ ሸጎጠው። ይህን ዓይነቱን ነገር ወንፊት ማጠብ ብቻ አያገኘውም። ለዚህ ነው ጎማውን ለብቻው የምለካው።

ጎማው ውስጥ ዝቃጩ ተጋግሮ ከሆነ ግማሽ ብርጭቆ አቼቶ በለብ ባለ ውሃ በጥብጣችሁ ሙሉት። ሁለቱን ጫፍ ወደ ላይ አስራችሁ ግማሽ ሰዓት ሰቅሉት፣ ከዚያ ናጡት። እግረ መንገዳችሁን ቆዳውን በእጅ ዳስሱ። ያበጠ፣ የተሰነጠቀ፣ ጫፉ ላይ የዛገ ከሆነ አትድከሙበት። አዲስ ጎማ ግዙ። የፈነዳ ጎማ የሚያደርሰው ጉዳት ከጎማው ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

መልሶ መግጠም

ጎማውን ቧንቧው ላይ እሰሩ፣ በሌላው ጫፍ ግን ወደ ባልዲ አድርጉትና ቧንቧውን ክፈቱ። ውሃው ጥርት እስኪል ይፍሰስ። ብዙ ሰው ይህችን ይዘላል። አጽድቶ፣ ገጥሞ፣ ከቧንቧው አንገት የቀረው ዝቃጭ ንጹሑ ወንፊት ላይ ተመልሶ ይለጠፋል። እግረ መንገዳችሁን 5 ሊትሩን እንደገና ለኩ። የእማማ ጎማ አሁን 35 ሰከንድ ሆነ።

ወንፊቷን በገባችበት አቅጣጫ እስክትቀመጥ በጣት ግፏት። ጎሚኒዋ ጎማው ውስጥ መኖሯን እዩ። ዳዶውን በእጅ እሰሩ። መጀመሪያ ላይ ጥርሱ መያዙን እርግጠኛ ሁኑ፤ ያለ ኃይል መዞር አለበት። ከተንሸዋረረ ፈታችሁ እንደገና ጀምሩ። በእጅ የሚቻለውን ያህል ካሰራችሁ በኋላ በፒንሳ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ። እዚህ ላይ ቴፍሎንም ካናፓም አያስፈልግም፤ ውሃውን የሚይዘው ጎሚኒው ነው።

ቧንቧውን ክፈቱ። ሶፍት ወስዳችሁ በሁለቱም ማሰሪያ ዙሪያ ጠቅልሉ። ዓይን ያላያትን ጠብታ ሶፍት ያሳያታል። ማሽኗን ወደ ቦታዋ ስትመልሱ ከግድግዳው ትንሽ አርቋት፣ ጎማው እንዳይታጠፍ። ስፒናውን ሰኩ፣ ያለ ልብስ አጭር ፕሮግራም አስነሱ። ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ሶፍቱን ተመልከቱ።

የእማማ ማሽን ሦስት ደቂቃ ገደማ ቀድታ መዞር ጀመረች። እማማ ስልካቸውን አንሥተው ያንን ጠጋኝ ሊደውሉለት ሲሉ ያዝኳቸው።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ ካልሞላችስ?

መጀመሪያ ጆሯችሁን ጀርባዋ ጋ አድርጉ። ስትነሳ ቫልቩ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ማሰማት አለበት። ድምፁ እያለ ውሃ ካልገባ ቫልቩ ውስጥ ቆሻሻ ገብቷል ወይም ግፊቱ አንሶታል። ድምፁ ከናካቴው ከሌለ ጉዳዩ የኤሌክትሪክ ነው፤ የቫልቩ ጠምዛዛ ሽቦ ተቃጥሏል፣ ወይም ትእዛዝ አልደረሰውም። ያኔ ባለሙያ ጥሩ።

ባለሙያው ከመምጣቱ በፊት ግን አንድ ነገር መሞከር ትችላላችሁ። ማሽኗ ውሃ እየጠየቀች ሳለ በሳሙና መክተቻው መሳቢያ በኩል በጆግ ቀስ እያላችሁ ንጹሕ ውሃ ጨምሩ። ከ8 እስከ 10 ሊትር ይበቃል፤ በአንዴ አትገልብጡት። መዞር ከጀመረች የውሃ መጠን ለኪዋ ደህና ነው፣ ችግሩ ያለው መግቢያው ላይ ብቻ ነው። ይህን ለጠጋኙ ስትነግሩት ቦርድ ቦርድ ማለቱን ይተዋል። ውስጥ የቀሩ አንሶላዎችንም በዚህ መንገድ አጥቦ ማውጣት ይቻላል፤ ለማለቅለቅ እንደገና ስትጠይቅ እንደገና ጨምሩ።

ሌላው የግፊት ነገር ነው። እዚህ ላይ ወንፊት ያለ ስሙ ይታማል። የውሃ ግፊት ከሮቶ ሲሆን ከፍታ ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ይሰጣል። ብዙ ማሽኖች ቢያንስ ግማሽ ባር ይፈልጋሉ፣ አንዳንዶቹ 1 ባር። ግቢ ውስጥ ሦስት ሜትር የብረት ማማ ላይ ያለ ሮቶ፣ ማሽኑ ጋ ሲደርስ ከ0.3 ባር አያልፍም። ቧንቧው ላይ ያለው ውሃ ለእጅ መታጠቢያ በቂ ይመስላል፤ ማሽኑ ግን ይቸገራል። ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ ሮቶው ጣሪያ ላይ ከሆነ የመጨረሻው ፎቅ ነዋሪ ነው ግፊት የሚያጣው፤ ምድር ቤት ያለው ደህና ነው። ሮቶው ከመጨረሻው ፎቅ ነዋሪ ራስ በላይ ሁለት ሜትር ብቻ ነው ያለው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የባልዲው ሰዓት ከመጀመሪያው ረጅም ይሆናል፣ ወንፊቱም ንጹሕ ሆኖ ታገኙታላችሁ። መፍትሔው ግፊት የሚጨምር ትንሽ አውቶማቲክ ፓምፕ ነው፣ ወይም የመንገዱ ውሃ በቀጥታ በሚመጣበት ሰዓት ማጠብ።

እንዳይደፈን

ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ ማሽን ወዲያው አታስነሱ። ከማሽኑ ጋር በአንድ መስመር ያለውን ቧንቧ ከፍታችሁ ነጭ ሳፋ ውስጥ ልቀቁ። የሳፋው ወለል ጥርት ብሎ ሲታይ ያኔ አስነሱ። የሚቻል ከሆነ የማሽኑን ቧንቧ ሁልጊዜ ዝጉት፣ ስታጥቡ ብቻ ክፈቱ። ውሃው ሌሊት ሲመለስ የሚመጣው የመጀመሪያ ድፍርስ ጎማው ውስጥ አይገባም። ለፍንዳታም ይጠቅማል።

ሮቶ ካላችሁ ስሩን እዩ። ወደ ቤት የሚሄደው ቱቦ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ካልተገጠመ ዝቃጩን ጠርጎ ነው የሚወስደው። የውሃው ደረጃ ዝቅ ሲል ደግሞ ይብሳል፤ የሮቶው የመጨረሻ ውሃ ለማሽን አይሆንም።

ቧንቧው ላይ ማጣሪያ መግጠምም ይቻላል። ብረት ወንፊት ያለው፣ ታጥቦ የሚመለሰውን ዓይነት ምረጡ። ጥቅል ክር የመሰለ ጠርሙስ ውስጥ የሚገባውን ማጣሪያ ገበያ ላይ በብዛት ታገኙታላችሁ፤ ውሃውን በደንብ ያጠራል፣ ግፊቱን ግን ይበላል። ከሮቶ ብቻ ለሚጠቀም ቤት እሱ ራሱ የመሙላት ስህተት ያመጣል። ሰው ገዝቶ ገጥሞ፣ ማሽኑ እንደገና IE ብሎ፣ ሲያስፈታው ያየሁት ከአንድ ቤት በላይ ነው።

የእማማ ወንፊት አሁን በየሦስት ወሩ ትታጠባለች። ውሃው በደፈረሰ ሰሞን ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ። ቀኑን የማሽኑ ጎን ላይ በእስክሪብቶ ጽፈውታል፤ ካናፓዋንም ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጠዋታል፣ ለዚያ ጠጋኝ ሊያሳዩት።